ክርስትና ያልተነሣ ሱቅ

የባለቤቴ አክስት እትዬ አዲስ አበባ ሳሉ ቅቤ ሊገዙ ሲወጡ ስንጥር ይዘው ነበር የሚሄዱት። ስንጥሩን ከቅቤው ሆድ እስከ ግማሽ ድረስ ሰክተው ያወጡታል፣ ያሸቱታል፣ በምላሳቸው ጫፍ ይነኩታል። ከዚያ ባለቅቤውን «የየት ነው?» ይሉታል። «የሸኖ ነው» ካላቸው ከሸኖ ወዴት በኩል እንደሆነ ይጠይቁታል። ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ሊሸጥላቸው የሞከረ ሰው በዚያ ሰፈር ሁለተኛ አልታየም ይባላል።

እኚሁ ሴት ባለፈው የአሜሪካኖች የምስጋና ቀን ማታ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2025፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሶፋችን ላይ ተቀምጠው 39 ዶላር ከ99 ሳንቲም ለማያውቁት ሰው ሊልኩ አንዲት ጣት ቀርታቸው ነበር።

ነገሩ ምጣድ ነው። የእትዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ መሃሉ አልሞቅ ብሎ ዐይን የሌለው እንጀራ ማውጣት ከጀመረ ሰንብቷል። (እዚህ አገር ምጣድ ባልነበረበት ዘመን የመጡት የእኛ ሰዎች፣ የኖርዌይ ስደተኞች ልጆች ሌፍሰ የሚባለውን ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን ክብ ምጣድ አግኝተው እንጀራ ጋገሩበት። ዛሬም የሚጋግሩበት ሞልተዋል። እትዬ ግን «የፈረንጅ ቂጣ የሚሸተው ምጣድ» ብለው አይቀርቡትም።) እንግዲህ ፌስቡክ ይህን ጉዳቸውን ከማን እንደሰማ እንጃ፣ አንድ ማስታወቂያ አመጣላቸው። ሽርጥ ያሰሩ፣ ነጭ ፂማቸው የተንዠረገገ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። «ከ1987 ጀምሮ በቤተሰብ ስናስተዳድረው የኖርነውን ሱቅ ልንዘጋ ነው። ያለውን ሁሉ በ80 በመቶ ቅናሽ!» ይላል። ሌላ ቦታ 200 ዶላር የሚሸጠው ምጣድ 39.99 ሆኗል። ከሥሩ አንድ ሰዓት ቆጣሪ ዘጠኝ ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ብሎ ወደ ታች ይሮጣል።

«ምስኪን፣ ደክሟቸዋል» አሉ እትዬ። ባለቅቤውን አንድ ቀን ደክሞታል ብለው አያውቁም።

ያን ማታ ቤታችን ውስጥ ሦስት አዋቂዎች ነበርን። እዚህ አካባቢ ሦስት ሐበሻ ከተቀመጠ ሁለቱ አይቲ ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ ምክር አልታጣም። የባለቤቴ ወንድም ስልኩን ተቀብሎ አየና «ችግር የለውም እትዬ፣ ቁልፍ አለው» አለ። ከአድራሻው ጎን ያለችውን የቁልፍ ምልክት ማለቱ ነው።

ስለዚች ቁልፍ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ቁልፏ የምትለው በእርስዎና በዌብሳይቱ መካከል የሚሄደውን ነገር መንገድ ላይ ሌላ ሰው አያነበውም ነው። ዌብሳይቱ ራሱ ሌባ ከሆነ የካርድዎ ቁጥር ማንም ሳያየው በሰላም ለሌባው ይደርሳል ማለት ነው። የቁልፏ ፈቃድም በነፃ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል። ሰው ሁሉ ቁልፏን የታማኝነት ማኅተም እያደረገ ስላስቸገረ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ከክሮም ላይ አንሥቷት በሌላ ምልክት ተክቷታል። የባለቤቴ ወንድም ግን አሁንም ያያታል።

እኔ ደግሞ ያን ያህል አላዋቂ አይደለሁም በሚል ኩራት ላፕቶፔን አመጣሁ። የሱቁ ስም outlet እና usa የሚሉ ቃላት በሰረዝ የተያያዙበት፣ መጨረሻው .shop የሆነ ነው። የማንኛውም ዌብሳይት ስም እንደ ሰው ስም ተመዝግቦ የሚወጣ ነው፤ የተመዘገበበትም ቀን ይቀመጣል። ይህንን ለማየት lookup.icann.org ገብቶ ስሙን መጻፍ ነው፤ አይከፈልበትም፣ መታወቂያም አይጠየቅም። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የምትፈለገው አንዲት መስመር ናት። ስክሪኑን ወደ እትዬ አዙሬ አሳየኋቸው፦

```
Created: 2025-11-03
Registry Expiration: 2026-11-03
```

«ምን ይላል?» አሉ።

«ሱቁ የተወለደው ኖቬምበር 3 ነው ይላል። ዛሬ 24 ቀኑ ነው።»

እትዬ ትንሽ ዝም ብለው አሰቡ። «ክርስትና አልተነሣማ!»

አልተነሣም። ወንድ ቢሆን እንኳ ገና 16 ቀን ይቀረዋል። ግን ከ1987 ጀምሮ በቤተሰብ ሲተዳደር ኖሯል፤ በተወለደ በ24ኛው ቀኑ ደግሞ ጡረታ ሊወጣ ነው። የስሙም ኪራይ የተከፈለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። በእርግጥ ብዙ ጨዋ ሱቅም በየዓመቱ ነው የሚከፍለው፤ ብቻውን ቢሆን ከቁም ነገር አልቆጥረውም ነበር። እዚህ ግን ሽማግሌው በተናገሩትና በልደት ቀኑ መካከል 38 ዓመት ይጎድላል። የባለቤቴ ወንድም «ዌብሳይቱን ዘግይተው ከፍተውት ሊሆን ይችላል» አለ። ሊሆን ይችላል። ሊዘጉት 24 ቀን ሲቀራቸው?

ያን ማታ ይህን ሁሉ ስናገር ድምፄ ወፍሮ ነበር። ለእትዬ ያልነገርኳቸው ነገር ቢኖር ከአንድ ዓመት በፊት ይህንኑ መስመር አይቼ መሞኘቴን ነው።

የክረምት ጫማ ነበር። ልክ እንደዚሁ ቀኑን አየሁ፤ እ.ኤ.አ. 2011 ይላል። «አሥራ ሦስት ዓመት የኖረ ሱቅ ነው» ብዬ ከፈልኩ። ከከፈልኩ በኋላ (ማጣራት የምንወደው ሁሌም ከከፈልን በኋላ ነው) web.archive.org ገባሁ። ይህ ቦታ ዌብሳይቶች በየጊዜው ምን ይመስሉ እንደነበር ፎቶ አንሥቶ እንደ መዝገብ ቤት ያስቀምጣል። የ«ጫማ ሱቄን» ስም ሰጥቼ ወደ ኋላ ስገልጥ ከ2012 እስከ 2022 ድረስ የውሻ ማጠቢያ ቤት ሆኖ አገኘሁት። በአረፋ የተሸፈነ ቡችላ ፎቶ፣ የጥፍር ማሳጠሪያ ዋጋ፣ የሥራ ሰዓት። ባለቤቶቹ ስሙን ሲተዉት አንድ ብልጥ ዕድሜውን እንደያዘ ገዛው። ዕድሜ ይሸጣል እንግዲህ። ስሙ ከመዝገብ ሳይሰረዝ በጨረታ ከተላለፈ የልደት ቀኑ አይለወጥም፤ እኔ ያየሁት የውሻ ማጠቢያውን ልደት ነበር። ስለዚህ ቀኑ ትንሽ ከሆነ ብዙ ይናገራል፤ ትልቅ ከሆነ ግን መዝገብ ቤቱን ሳይጠይቁ አያምኑትም።

ሌላም መሰናክል አለ። ሱቁ በሌላ ትልቅ ድርጅት ስም ሥር ተከራይቶ የተቀመጠ ከሆነ የሚመጣልዎ የአከራዩ ልደት ነው። የአንዳንድ አገሮች መዝገብም፣ ለምሳሌ መጨረሻው .de የሆነው የጀርመን፣ የተወለደበትን ቀን ጨርሶ አያሳይም። የባለቤቱ ስም መደበቁ ግን አያስደንግጥዎ። ከ2018 ወዲህ በአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ምክንያት የጨዋውም የሌባውም ስም ተሸፍኗል። ደግሞ ሕፃን ሁሉ ሌባ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እኅት በርበሬና ሽሮ የምትሸጥበትን ዌብሳይት ከከፈተች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር፤ በእኔ ሚዛን ብትለካ ወንጀለኛ ናት። ልዩነቱ እሷ ስልኳን ታነሣለች፣ እሑድ እሑድ ትገኛለች፣ ከ1987 ጀምሮ ነኝም አላለችም። የእኔ ጥርጣሬ ሕፃን ሆኖ ሽማግሌ ነኝ የሚለው ላይ ነው።

እትዬ ግን በ24 ቀን ብቻ የሚረቱ ሴት አልነበሩም። ምጣዱ ዐይናቸው ውስጥ ገብቷል። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ውሸቱን ነው?» ብለው ወደ ታች ወረዱ። አራት ነጥብ ዘጠኝ ኮከብ፣ 1,284 አስተያየት።

ስልኩን ተቀብዬ ካልኩሌተር ከፈትኩ። 1,284ን ለ24 ቀን ስናካፍለው በቀን ከ50 በላይ ይመጣል። ሌሊቱን ጨምሮ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰው ምጣድ አዝዞ፣ ደርሶት፣ ጋግሮበት፣ ተደስቶ፣ ተቀምጦ ጽፏል። የዚያው ሱቅ የማድረሻ ገጽ ደግሞ ዕቃው ከ7 እስከ 15 የሥራ ቀን ይፈጃል ይላል። አሥራ አምስት የሥራ ቀን ሦስት ሳምንት ነው። ሱቁ ራሱ እንደተናገረው ቢሆን፣ ከነዚያ ደንበኞች ብዙዎቹ ምጣዳቸው ገና መንገድ ላይ እያለ ነው ያመሰገኑት።

ከዚያ ማንበብ ጀመርን። ከሁሉም እትዬን የሳበቻቸው አንዲት ሴት ናት። አምስት ኮከብ ሰጥታ «ልክክ ብሎኛል፣ ቀለሙም እንደ ፎቶው ነው፣ ለእኅቴ ሠርግ ለበስኩት» ትላለች። ምጣዱን። አስተያየቱ ከሆነ ቀሚስ ሥር ተነቅሎ የመጣ መሆኑ ነው፤ የነቀለው ሰው ሳያነበው ተከለው። ቀኑ ደግሞ 2021 ነው፤ ሱቁ ከመፀነሱ አራት ዓመት በፊት።

ሱቁ በገዛ ገጹ ላይ የለጠፈው ምስጋና ባለቤቱ ራሱ የጻፈው ነው ብሎ መነሣት ይሻላል፤ ሠርጋችን ላይ ሽማግሌዎች ስለ ሙሽራው እንደሚናገሩት ነው። ሰው ወደ ውጭ ወጥቶ እንደ ትረስትፓይለት ባሉ ቦታዎች ሲፈልግ ደግሞ የሚሠራው ስሕተት ሌላ ነው፤ የኮከቡን አማካይ አይቶ ይመለሳል። አማካዩን ይተዉት። አስተያየቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ያድርጓቸውና ባለ አንድ ኮከቦቹ መቼ እንደጀመሩ ይዩ። የሐሰት ሱቅ ሕይወት አንድ ዓይነት መልክ አለው። መጀመሪያ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የአምስት ኮከብ ዝናብ ይወርዳል፤ ሁሉም አጫጭር፣ ሁሉም «በጣም ጥሩ፣ ፈጣን»፣ የጻፉትም ሰዎች በዕድሜያቸው ሌላ አስተያየት ጽፈው አያውቁም። ከዚያ ሦስትና አራት ሳምንት ጸጥታ። ከዚያ ልቅሶው ይጀምራል፤ «አልደረሰኝም»፣ «ስልክ አይነሣም»፣ «የመጣልኝ ሌላ ነው»።

ያ የመሃሉ ጸጥታ ነው ሰው የሚበላው። ተታለልኩ ብሎ ለመጻፍ መጀመሪያ መታለልን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ ሦስት ሳምንት ዕቃ መጠበቅ አለ። የ24 ቀን ሱቅ መጥፎ ስም የማይኖረው ሰዎቹ ገና በር በሩን እያዩ ስለሆነ ነው። የሱቁን ስም ከ scam ጋር ጽፈን ብንፈልግ ምንም አልመጣም፤ የባለቤቴ ወንድም «አያችሁ፣ ንጹሕ ነው» አለ። ንጹሕስ አራስ ልጅም ንጹሕ ነው።

አንድ ነገር ግን አገኘን። «ስለ እኛ» ከሚለው ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሽማግሌው ስለ ሚስታቸው እጅ ሙያ የሚያወሩትን፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጌ ጉግል ላይ ለጠፍኩት። ቃል በቃል አንድ የቆዳ ቦርሳ ሱቅ፣ አንድ የሹራብ ሱቅና አንድ የአትክልት መቀስ ሱቅ ላይ ወጣ። ሚስትየዋ እጀ ብዙ ነበሩ።

እትዬ አሁን መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ አሸነፍኩ ብዬ ስደላደል እሳቸው የመጨረሻውን ጥይት ተኮሱ፦ «ቪዛ አለው፣ ማስተርካርድ አለው፣ ፔይፓልም አለው። ባንክ ዝም ብሎ ለሌባ ስሙን ይሰጣል?»

ባንክ አይሰጥም። ግን ከገጹ ግርጌ የተደረደሩት ምልክቶች ሥዕሎች ናቸው፤ እኔም ነገ የልጄ የልደት መጥሪያ ላይ ልለጥፋቸው እችላለሁ። ያለውን የሚያውቁት ቅርጫቱን ይዘው እስከ መክፈያው ገጽ ሲሄዱ ነው፤ የካርድ ቁጥር ሳይጽፉ። ሄድን። ፔይፓል የለም። የካርድ መጻፊያ ሣጥን አለ፣ ከበላዩ ግን በቀይ «የካርድ ክፍያ ለጊዜው አይሠራም። በዜል ከከፈሉ ተጨማሪ 10 በመቶ ቅናሽ!» ይላል። ዜሉ የሚሄደው ደግሞ ወደ ሱቁ ሳይሆን ወደ አንድ ግለሰብ የስም ኢሜይል ነው።

እዚህ ላይ እትዬም የሚያውቁት ነገር ነበርና ብዙ አልለፋሁም። ዜል እጅ በእጅ ነው። ዕቁብ ጸሐፊያቸው ጋ በየወሩ የሚልኩበት ነውና «ተሳስቼ ብልክ ማን ይመልስልኛል?» ብለው ራሳቸው ጠየቁ፣ ራሳቸው ዝም አሉ። እርስዎ ራስዎ ፈቅደው የላኩት ስለሆነ ባንኩ «ማን ላክ አለህ?» ነው የሚለው። ፔይፓልም ቢሆን «ለወዳጅና ለቤተሰብ» በሚለው በኩል ላክልኝ ካለ ያው ነው፤ የገዢ ዋስትናው የሚሠራው ለዕቃና ለአገልግሎት በሚለው በኩል ሲከፍሉ ነው፣ ለ180 ቀን። የክሬዲት ካርድ ነገር ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1974 ጀምሮ ሕግ አለው፤ የከፈሉበት ዕቃ ካልደረሰ ሂሳቡ የወጣበት ደብዳቤ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወሙ ባንኩ መመርመር አለበት፣ እስኪመረምር ድረስም ያንን ገንዘብ አይከፍሉም። ዴቢት ካርድ ላይ ግን ክርክሩ የሚጀመረው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው።

ይህን ስል ካርድ የሚቀበል ሁሉ ሱቅ ነው ማለቴ አይደለም። ብልጡ ሌባ ካርድ ይቀበላል። ካርዱ ስለ ሱቁ ምንም አይነግርዎትም፤ የሚነግርዎት ከተሳሳቱ የሚጎትቱት ገመድ እጅዎ ላይ እንዳለ ብቻ ነው። ገመዱንም መጎተት ማወቅ ይጠይቃል። የጫማዬን ነገር ልጨርሰውና ይግባዎ።

የከፈልኩት በክሬዲት ካርድ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ዕቃው «ደርሷል» የሚል መልእክት መጣ፤ በሩ ላይ የተገኘው አንድ የሕፃን ካልሲ ያለበት ስስ ፖስታ ነው። ካልሲውን የላኩት ከደግነት አይደለም። ባንኩ ሲጠይቅ «ይኸው፣ በዚህ ቁጥር ልከናል፣ ደርሶታል» ለማለት ነው። መልሱ ፖስታው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ክብደቱ ሁለት አውንስ ይላል፣ ሁለት አውንስ የሚመዝን የክረምት ጫማ ደግሞ የለም። ያንን ፎቶ አንሥቼ ለባንኩ ብልክ ነገሩ ባለቀ። እኔ ግን ለሻጩ ጻፍኩ። እሱም በትሕትና «ዕቃውን ያስቀሩትና 20 በመቶ እንመልስልዎ» አለኝ። 20 በመቶ? የመርካቶ ልጅ ነኝ! 30 አለ፣ እንቢ አልኩ። 35 አለ፣ ዝም አልኩ። ሳምንታት ተጻጽፈን 45 በመቶ ላይ አደረስኩትና «ተስማምቻለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። ያን ማታ ለባለቤቴ ድሉን ነገርኳት። በ90 ዶላር የሕፃን ካልሲ ገዝቼ 40 ዶላር ከ50 አስመልሼ፣ ተከራክሬ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። በኋላ ለቀሪው ባንኩ ዘንድ ስሄድ ሻጩ ቀድሞኝ «ተስማምቻለሁ» ያልኩበትን ኢሜይል አስገብቶ ጠበቀኝ።

ካልሲው አሁንም አለ። ልክ የሚሆነው ልጅ ቤታችን ውስጥ የለም።

አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግራት ሳቀችብኝ። እነሱ ዘንድ ዶሜይን የሚባል ነገር የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሱቁ የቴሌግራም ቻናል ነው፣ ክፍያው በቴሌብር ወደ ሰውየው ስልክ ነው፣ የተላከ ደግሞ ተላከ ነው። እሷ ያላት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ዕቃው ደጄ ሲደርስ ልክፈል?» እሺ ካላት ትገዛለች፤ «ግማሹን ቅድሚያ» ካላት ትተዋለች። ስለ ቻናሉ ዕድሜና ስለ ተከታዩ ብዛት አትጨነቅም። ተከታይ ይገዛል፣ የድሮ ጽሑፍ ይሰረዛል፣ ስምም ይቀየራል አለችኝ። እኔ በላፕቶፕ አንድ ሰዓት የፈጀሁበትን እሷ በአንዲት መልእክት ጨረሰችው።

እትዬ ያን ማታ አልከፈሉም። ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ «አለቀ» አሉ አዝነው፤ ገጹን ሳድሰው ዘጠኝ ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ብሎ እንደገና ተነሣ። ይሄ ከልደት ቀኑም፣ ከአስተያየቱም፣ ከዜሉም ይልቅ አናደዳቸው። «ሰዓት ይዋሻል እንዴ!» ብለው ስልኩን ትራስ ሥር ከተቱት።

በሳምንቱ ቅዳሜ ደወሉልኝ። ሌላ ምጣድ አግኝተዋል፤ 34 ዶላር ከ99። አሁን ግን የሚዘጉት ሽማግሌው ሳይሆኑ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። ፎቶው ላይ ያለው ምጣድ ግን ያው ነው፣ ጎኑ ላይ ያለችው ጭረት እንኳ አልተለወጠችም።

«እስቲ ያንን መዝገብህን እይልኝ፣ ይሄኛው ስንት ቀኑ ነው?»

አየሁ። «ሦስት።»

«እንግዲያ» አሉ እትዬ፣ «የገንፎውን ድስት ገና አላወረዱም በለኛ።»